ሌላ ሥራ ይዛችኋል፤ ለቀሩት መደወል፣ መጻፍ ወይስ በአካል መሄድ?

የእህቴ ልጅ አርብ ከሰዓት አሥር ሰዓት ገደማ ባጃጅ ይዛ እየከነፈች መጣች። እጇ ላይ የተፈረመ የቅጥር ውል አለ። አካውንቲንግ ተመርቃ ከዓመት በላይ ጅማን ከኮቺ እስከ መርካቶ ስትዞርባት ከርማ፣ በመጨረሻ አንድ ድርጅት ለፕሮጀክት ቢሮው ቀጠራት። እናቷ አለቀሰች፣ ጎረቤት ገባ፣ ቡና ተፈላ። ቶናው ላይ ስንደርስ ነው የጠየቅኳት።

«ሌሎቹንስ ምን አልሻቸው?»

«የትኞቹን?»

«ያመለከትሽባቸውን ነዋ።»

«ተዋቸው ባክህ አጎቴ፤ ካልመጣሁ ይገባቸዋል።»

እዚህ ከተማ ዘጠኝ ዓመት በሰው ሀብት ክፍል ሠርቻለሁ። ይህን «ይገባቸዋል» የሚባል ነገር ስሰማ ያመኛል፤ ምክንያቱም ከዚያኛው ወንበር ላይ ስትቀመጡ አይገባችሁም። አንድ ጊዜ አንደኛ የወጣ ልጅ ነበረን። ደወልን፣ «እሺ ሰኞ እመጣለሁ» አለ። ሰኞ የለም። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። የታመመ መስሎን፣ ለቅሶ ገጥሞት ይሆናል ብለን ስምንት ቀን ጠበቅን። ከዚያ ተጠባባቂዋን ስንጠራት እሷም ሌላ ቦታ ገብታለች። ማስታወቂያው እንደ አዲስ ወጣ። ልጁ ለካ ውል የፈረመው እኛ በደወልን በማግስቱ ነበር።

ስሙ አጠገብ «ባለመቅረቡ ተሰርዟል» ተብሎ ተጻፈ። አስቀድሞ በጽሑፍ ቢያሳውቅ ኖሮ የሚጻፈው «በራሱ ጥያቄ ከውድድሩ ወጥቷል» የሚል ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ልጅ እንደገና ሲያመለክት ፋይሉን የከፈተው እኔ አልነበርኩም፤ አይቶት የማያውቅ አዲስ ባልደረባ ነው። ያነበበው ያንን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ለኢንተርቪው አልጠራውም። በር ክፍት ይቆይ ስንል እንግዲህ ይህችን መስመር ማለታችን ነው። ሰዎች ይረሳሉ፣ ይዛወራሉ፣ ወረቀቱ ግን እዚያው ነው።

መጀመሪያ፦ የያዛችሁት ሥራ በእርግጥ ተይዟል?

ከመቸኮላችሁ በፊት አንድ ነገር። «አልፈሃል፣ እንደውልልሃለን» ሥራ አይደለም። «ደብዳቤው እየተዘጋጀ ነው» ሥራ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ ጨብጧችሁ «እንኳን ደስ ያለህ» ቢልም ገና ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011 ማለት ነው፣ የቃል ውልም ውል መሆኑን ይቀበላል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ጥሩ ነው። ግን በቃል ተስማምተናል ብሎ ተከራክሮ ሥራ መግባትና ተፈርሞ የተሰጠ ወረቀት ይዞ መግባት አንድ አይደሉም። ስለዚህ የእኔ ምክር አጭር ነው፦ ፊርማ፣ ማኅተም፣ ደመወዝና የሚጀመርበት ቀን ያለበት ወረቀት እጃችሁ ሳይገባ ለማንም «ወጥቻለሁ» አትበሉ። ከገባ በኋላ ደግሞ ከአንድ የሥራ ቀን በላይ አትቆዩ። ጨርሻለሁ ብሎ ሁሉንም በር ዘግቶ ኦፈሩ የተሰረዘበት ሰው አውቃለሁ። ሲያሳዝን።

ሌላም ነገር አለ። በዚያው አዋጅ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ለሥራው ብቁ አይደለህም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብት ይችላል፤ ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ ይችላል። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ ሦስት ወር የሚጠጋ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት ነው ትንሽ የደነገጠችው። የተውሽው ቦታ ለሚመጡት ሦስት ወራት ሊያስፈልግሽ ይችላል አልኳት፤ ጨዋነት ብቻ አይደለም ነገሩ።

(ሁለት ቦታ ውል ከፈረማችሁ ግን ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም። ያ ማመልከቻ ማንሳት ሳይሆን ሥራ መልቀቅ ነው፤ ውላችሁን አውጡና የመልቀቂያውን አንቀጽ አንብቡ።)

በምን እንንገራቸው?

አራት መንገድ አለ፤ ቴሌግራም ወይም የስልክ መልእክት፣ ኢሜይል፣ ስልክ፣ እና በእጅ የሚገባ ደብዳቤ። የትኛው ጨዋ ነው ብሎ መጠየቅ ብዙ አይረዳም። እኔ ሁለት ነገር ነው የማየው፤ ዛሬውኑ ለትክክለኛው ሰው ይደርሳል ወይ? ፋይል ውስጥስ ይገባል ወይ?

ቴሌግራም ፈጣን ነው። ሁለቱ የራይት ምልክቶች ሲመጡ መነበቡን እንኳ ታውቃላችሁ። ችግሩ መልእክቱ የሚቀረው በዚያ ሠራተኛ የግል ስልክ ላይ መሆኑ ነው። ሰውየው ሥራ ሲለቅ መልእክታችሁም አብሮት ይሄዳል። እሱ ራሱ ወረቀት ላይ ካላሰፈረው በስተቀር ለፋይሉ አልተናገራችሁም ማለት ነው።

ኢሜይል ቀን አለው፣ ይታተማል፣ ከፋይል ጋር ይያያዛል። ከሁሉም ቢመረጥ ይኼኛው ነው እላለሁ፣ ግን አንድ እንከን አለው። ብዙ ቦታ ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው አድራሻ የሚከፈተው ማመልከቻ እስኪዘጋ ድረስ ነው። እኛ ቢሮ እንኳ መዝጊያው ካለፈ በኋላ ያንን ሳጥን ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። ስለዚህ ለኢንተርቪው የጠራችሁ ሰው በራሱ አድራሻ ጽፎላችሁ ከሆነ፣ በዚያው መልእክት ላይ መልስ ስጡ፤ አዲስ አትክፈቱ። የቀድሞው ንግግር ከሥር ስለሚኖር ማን እንደሆናችሁ ማስታወስ አይቸገርም።

ስልክ ሞቅ ያለ ነው፣ ዛሬውኑ ይደርሳል። ምንም ግን አይተውም። ደውላችሁ ያነሳችው ጸሐፊዋ ከሆነች፣ «እነግርላችኋለሁ» ካለችና ከረሳች፣ እናንተ ተናግራችኋል፣ ቢሮው ግን አልሰማም።

በእጅ የገባ ደብዳቤ ከሁሉም ይከብዳል። መዝገብ ቤት ይገባል፣ ቁጥርና ቀን ያገኛል፣ በቅጂያችሁ ላይ «ገቢ» ተብሎ ይመታላችኋል። ግን ቀርፋፋ ነው። ከመዝገብ ቤት ወደ ኃላፊው ጠረጴዛ፣ እሱ ጫፉ ላይ ጽፎ እስኪመራው፣ ከዚያ ወደ ሰው ሀብት። ኃላፊው ለስብሰባ አዲስ አበባ ከሄደ ደብዳቤው ሳምንት ሊተኛ ይችላል፤ እናንተን የሚጠብቀው ሰው በዚህ መሀል ምንም አያውቅም።

እንግዲህ አንዱ ብቻውን አይበቃም። ስልኩ ለሰውየው ነው፣ ጽሑፉ ለፋይሉ። ምን ያህል መንገድ መሄድ እንዳለባችሁ የሚወስነው ደግሞ ያ ቢሮ እናንተ ላይ እስካሁን ምን እንዳወጣ ነው፤ ማመልከቻችሁን ተቀብሎ ብቻ አስቀምጦ ከሆነ ሌላ፣ ሦስት ሰው አስቀምጦ ኢንተርቪው አድርጎ፣ ቃለ ጉባኤ ፈርሞ ሰኞ እየጠበቃችሁ ከሆነ ሌላ።

የእህቴ ልጅ አራት ቦታዎች

በዚያ ምሽት ወረቀት አውጥተን ጻፍናቸው። አራት ናቸው፤ እያንዳንዱ የተለያየ ደረጃ ላይ።

አንደኛው ማይክሮፋይናንስ ነው። በኢሜይል ካመለከተች ሦስት ሳምንት አልፏል፣ የጠራት የለም። እዚህ ላይ መደወል ለእነሱም ለእሷም ድካም ነው። መቶ ማመልከቻ ውስጥ ያለ ስም ነው። ዝም ብትልም የሚጎዳ የለም፤ ከጠሯት ያኔ «አመሰግናለሁ፣ ሌላ ቦታ ገብቻለሁ» ትላለች። ሁለት መስመር ኢሜይል ልካ ተወችው። እኔ ብሆን ያንንም ላልልክ እችላለሁ።

ሁለተኛው አጋሮ መንገድ ላይ ያለ የቡና ማኅበር ነው። ለጽሑፍ ፈተና ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ጠርተዋታል። እዚህ ዝም ማለት አይቻልም፤ ወንበር ተቆጥሯል፣ ፈተና ተባዝቷል፣ በእሷ ቦታ ሌላ ሰው መጥራት ይቻል ነበር። መደወሉ ጥሩ ነው፣ ግን ጊዜው የቡና ለቀማ ነው። በዚህ ወቅት የማኅበር ሰው ቢሮ ውስጥ አይገኝም። ወይ ማጠቢያ ጣቢያው ላይ ነው ወይ ኔትወርክ የሌለበት መንደር። ሁለት ጊዜ ሞከረች፣ «ሊያገኙት አይችሉም» የሚለው ድምፅ ብቻ። ስለዚህ የስልክ መልእክት ላከች፤ ሰውየው ኔትወርክ ያለበት ሲደርስ ራሱ ይገባለታል። እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለሂሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ ረቡዕ 3 ሰዓት ለፈተና ከተጠሩት አንዷ ነኝ። ሌላ ሥራ ስለያዝኩ በፈተናው አልገኝም፤ ቦታዬን ለሌላ ተወዳዳሪ መጠቀም እንድትችሉ አስቀድሜ ለማሳወቅ ነው። ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ።» ከሥሩ ሙሉ ስሟን ከነአያቷ።

ስሙን ከነአያት መጻፉን አትናቁት። በእኛ አካባቢ አንድ የፈተና ዝርዝር ላይ የአባት ስማቸው ሳይቀር የሚገጥም ሁለት ሰዎች ማግኘት ብርቅ አይደለም። የሌላው ልጅ ስም ተሳስቶ ሲሰረዝ አስቡት።

ሦስተኛው ላይ ነው ብዙ የተከራከርነው። የግል ክሊኒክ ነው፣ ለገንዘብ ያዥነት። ኢንተርቪው አድርጋለች፣ ውጤት እየጠበቀች ነው። ግን ክሊኒኩን ያስተዋወቋት የአባቷ ጓደኛ፣ የሰፈራችን ጋሼ ናቸው። «ልጃችን ናት፣ እጇ ንጹሕ ነው» ብለው ቃላቸውን ሰጥተውላታል። ገንዘብ የምትይዝ ሰው ስትፈለግ ይህ ቃል ከዲግሪው ይበልጣል።

እሷ ያሰበችው ጋሼ እንዲነግሩላት ነበር። «እሳቸው ያስገቡኝ፣ እሳቸው ያስወጡኝ» አለች እየሳቀች። አይሆንም። መልእክቱን እሳቸው ከወሰዱት ክሊኒኩ የሚያየው ለራሷ ጉዳይ እንኳ መናገር ያቃታትን ልጅ ነው፤ ጋሼም ሁለት ጊዜ ፊታቸውን አዋሱ ማለት ነው። በተቃራኒው መጀመሪያ ለክሊኒኩ ብትነግርና ሥራ አስኪያጇ ሲስተር ከጋሼ ጋር መንገድ ላይ ብትገናኝ፣ «ልጅዎ ተወችን እኮ» የሚለውን ሳያውቁ ሊሰሙት ነው። እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ከተማ ለመከሰት አንድ ሐሙስ ገበያ ይበቃል።

ስለዚህ ተራው ይኼ ነው፤ መጀመሪያ ጋሼ፣ በአካል፣ ቤታቸው። ቀጥሎ በዚያው ቀን ክሊኒኩ፣ በራሷ አፍ። ቅዳሜ ጠዋት ሄደች። እሳቸው እንዳሰበችው አልተቀየሙም። «የት ገባሽ?» አሉ፣ ነገረቻቸው፣ መረቋት። ከዚያ ያሉት ነገር ጠቃሚ ነበር፦ «ለሲስተር አሁኑኑ ደውዪላት፤ ዛሬ ማታ ሊወስኑ ነው።» በሌላ መንገድ ይህን ማወቅ አትችልም ነበር።

እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ቆማ ደወለች። የስልኩ ንግግር ሁለት ደቂቃ አልሞላም። «ሲስተር፣ እንደምን አደሩ? ባለፈው ማክሰኞ ለገንዘብ ያዥነት ኢንተርቪው ያደረግሽኝ... ይቅርታ ያደረጉኝ ነኝ።» (በድንጋጤ አንቺ ብላት ነበር፤ ሲስተር ሳቀች።) «ትናንት ሌላ ቦታ ውል ስለፈረምኩ ከውድድሩ መውጣቴን ሳትወስኑ በፊት ልንገርዎ ብዬ ነው። ጋሼንም አሁን ነግሬያቸዋለሁ። በኢሜይልም እጽፍልዎታለሁ።» ሲስተር «ጥሩ አደረግሽ፣ አንደኛ አድርጌ ልልክሽ ነበር» አለች።

ልብ በሉ፤ ዋናው ነገር በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር መጣ። ብዙ ሰው ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ዝናቡ ሲያወራ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ነው የሚያፈነዳው። ያኔ ሰሚው ያ ሁሉ ሰላምታ ለዚህ ነበር እንዴ ይላል። ሰላም በሉ፣ ከዚያ ተናገሩ። ሰዓቱንም ምረጡ፤ አርብ ከሆነ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል አትደውሉ፣ ቢሮው ለጁምአና ለምሳ ወጥቷል። ኢንተርቪው በኦሮምኛ ከነበረ ስልኩም በኦሮምኛ ይሁን።

አራተኛው፦ «አልፈሻል፣ ዋስ ይዘሽ ነይ»

ከባዱ ይኼ ነው። መርካቶ አካባቢ ያለ የንግድ ድርጅት ነው። አንደኛ ወጥታለች፣ ተነግሯታል። ዋናውን ዲግሪና የዋስ ደብዳቤ ይዛ ሰኞ እንድትመጣ ተብላለች። የዋስ ደብዳቤው ደግሞ አስቀድሞ ሐሙስ ዕለት ገብቷል፤ የአክስቷ ባል ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት አጽፎ ነው የሰጠው።

እዚህ ስልክና ኢሜይል አይበቃም። ጠብቀዋታል፣ ሌላ ሰው አልጠሩም፣ በእጃቸውም የእሷ ወረቀት አለ። በአካል መሄድ አለባት፣ ደብዳቤ ይዛ።

ስለ ዋሱ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ዋስ የሆነው ሰው ደብዳቤ የወጣለት ከመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ደመወዙም ተጠቅሶበታል። ያ ደብዳቤ ሳይመለስ አዲሱ ቀጣሪ ዋስ አምጪ ቢላት፣ መሥሪያ ቤቱ ለዚያው ሠራተኛ ሁለተኛ ደብዳቤ አልጽፍም ሊል ይችላል። እኛ ቢሮ የመጀመሪያው ካልተመለሰ አንጽፍም ነበር። ስለዚህ ማመልከቻ ስታነሱ ወረቀቱንም አንሱ። ዋናው ዲግሪ እዚያ ከሆነም እንደዚያው። ይህን በስልክ «በኋላ እወስዳለሁ» ብሎ መተው፣ በኋላ ከመሳቢያ መሳቢያ ማስፈለግ ነው።

ደብዳቤውን አብረን ጻፍነው፦

«ቀን ............ ዓ.ም

ለ............ ድርጅት የሰው ሀብት አስተዳደር

ጅማ

ጉዳዩ፦ ከሥራ ውድድር መውጣቴን ስለማሳወቅ

በድርጅታችሁ ለወጣው የሂሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ ተወዳድሬ ማለፌና ሰኞ እንድቀርብ የተነገረኝ መሆኑ ይታወቃል። ይሁን እንጂ በዚህ መሀል በሌላ ቦታ የቅጥር ውል የፈረምኩ በመሆኑ በዚህ መደብ ሥራ መጀመር አልችልም። ተጠባባቂውን በጊዜ መጥራት እንድትችሉ ይህንኑ በአካል ቀርቤ አሳውቃለሁ።

ለፈተናውና ለኢንተርቪው ለሰጣችሁኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። ወደፊት በሙያዬ በምታወጡት የሥራ መደብ ለመወዳደር ፍላጎት አለኝ።

ያቀረብኩት የዋስትና ደብዳቤ ተመላሽ እንዲደረግልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር»

ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ። በሁለት ቅጂ። አንዱ ለእነሱ፣ በአንዱ ላይ ተቀብለናል የሚል ፊርማ ለእሷ።

የሌለበትን ነገር ተመልከቱ። የደመወዝ ነገር የለም። የአዲሱ ቀጣሪ ስም የለም። «የተሻለ ሥራ» የሚል ቃል የለም፤ እሷ መጀመሪያ ጽፋው ነበር፣ እኔ ሰረዝኩት። «የተሻለ» ካላችሁ የእነሱ የባሰ ነው ማለት ነው። «ሌላ» ይበቃል። «በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት» የሚልም የለም። ውሸት ነው፣ ደግሞም አያዋጣም። ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ነው ብሎ ለቅቆ በሁለተኛው ሳምንት ፈረንጅ አራዳ ማኪያቶ ሲጠጣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ዓይን ለዓይን የተጋጠመ ሰው እኔ አውቃለሁ። ጅማ ለእንዲህ ያለ ውሸት ትንሽ ናት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አብሬያት እስከ በሩ ሄድኩ፤ ግባ አላለችኝም፣ መግባትም አልነበረብኝም። ሐጂ፣ ባለቤቱ፣ ራሳቸው ነበሩ። ደብዳቤውን አነበቡና ሁለት ነገር ጠየቋት። አስቀድመን ያወራንበት ስለሆነ አልደነገጠችም።

አንደኛው «የት ነው የገባሽው?» ነው። በጽሑፍ አትጥቀሱ ብያለሁ፣ ሲጠየቁ ግን መናገሩ ይሻላል። ከሳምንት በኋላ ከሌላ ሰው ይሰሙታል፤ ያኔ የደበቃችሁት ነው የሚመስለው። የገባችሁበት ቦታ የእነሱ ቀጥተኛ ተፎካካሪ ከሆነ ብቻ «ሥራ ከጀመርኩ በኋላ እነግርዎታለሁ» በሉ።

ሁለተኛው «ስንት ሰጡሽ?» ነው። ይቺ ናት ወጥመዷ። ቁጥሩን በተናገራችሁ ቅጽበት ነገሩ መሰናበት መሆኑ ይቀራል፣ ገበያ ይሆናል። ነጋዴ ሰው ደግሞ ዋጋ ከሰማ ሳይከራከር አይተውም፤ ክፋት ኖሮት አይደለም፣ እጁ የለመደው ነው። «እኔ አምስት መቶ ልጨምርልሽ» ይላሉ። እምቢ ካላችሁ አሁን የእሳቸውን ገንዘብ እምቢ አላችሁ። እሺ ካላችሁ ትናንት የፈረማችሁበትን ቦታ አዋረዳችሁ፤ አዲሱም ሰው ነገ ለሌላ አምስት መቶ እንደምትሄዱ አወቀ። የእህቴ ልጅ «ሐጂ፣ ፈርሜያለሁ» ብቻ አለች። ደግመው ጠየቁ። «ፈርሜያለሁ ሐጂ፣ ከዚህ በኋላ ብመለስ እርስዎም አያምኑኝም።» ሳቁ። የዋሱን ደብዳቤ ከመሳቢያ አውጥተው ሰጧት።

ጭማሪው እውነት ከሆነና የምትፈልጉት ከሆነስ? ያንን ማሰብ ያለባችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ነው። አርብ ጠዋት ላይ ብትደውልላቸው ኖሮ፣ «ሌላ ቦታ ጠርተውኛል፣ እስከ ከሰዓት መልስ መስጠት አለብኝ» ብትል ነውር አልነበረበትም። ከፊርማው በኋላ ግን ሰዓቱ አልፏል።

በሩን ክፍት የሚያስቀረውና የሚዘጋው ቃል

ደብዳቤው ላይ «ወደፊት በሙያዬ በምታወጡት መደብ ለመወዳደር ፍላጎት አለኝ» የሚል አንድ መስመር አለ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። «ምናልባት እዚያ ካልተመቸኝ እመለሳለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ደብዳቤ አንብቤያለሁ። ቅንነቱ ደስ ይላል፣ ግን ለእነሱ መለዋወጫ ጎማ አድርጌያችኋለሁ ማለቱ ነው። «ቦታዬን ትንሽ ጠብቁልኝ» ደግሞ ከዚያም ይብሳል። መደቡ ለተጠባባቂው ነው የሚሄደው፣ መሄድም አለበት።

በቦታችሁ ሰው መጠቆምስ? ሰዎች ጥሩ ነገር ያደረጉ እየመሰላቸው በደብዳቤው ላይ የጓደኛቸውን ስልክ ይጽፋሉ። ተጠባባቂ ካለ ይህ ጣልቃ መግባት ነው፤ ተወዳድሮ ሁለተኛ የወጣ ሰው አለ። ተጠባባቂ በሌለበትና እነሱ ራሳቸው ከጠየቁ ብቻ ጠቁሙ። ያውም ጓደኛችሁን ካስፈቀዳችሁ በኋላ።

ደግሞ ከወጣችሁ በኋላ በአዲሱ ሥራ ነገሩ ቢበላሽ፣ በሙከራ ጊዜ ውስጥ ብትሰናበቱ እንበል፣ የምትደውሉት ለማን ነው? ቦታው የተሞላበት ቢሮ ሥራ ሊፈጥርላችሁ አይችልም። ስለዚህ ጥያቄው «ልመለስ?» አይሁን። «ሌላ መደብ ልታወጡ ነው ወይ፣ ወይስ ያኔ የወጣው መደብ ሳይሞላ ቀርቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዚህ የሚበጀው የደወላችሁለት ሰው ቁጥር በስሙና በቢሮው ስልካችሁ ላይ መኖሩ ነው። የእህቴ ልጅ ሲስተርን «ሲስተር ክሊኒክ» ብላ አስቀምጣታለች፤ በከተማው ስንት ሲስተር እንዳለ እግዜር ይወቀው።

ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ስልኳ ጠራ። ሲስተር ክሊኒክ። የቀጠረቻት ገንዘብ ያዥ አግብታ ወደ ቦንጋ ልትሄድ ነው፤ ማስታወቂያ እስኪወጣ ድረስ ለጊዜው የምትሠራ የምታምኛት ሰው አለች ወይ ብላ ነው። የእህቴ ልጅ «አንድ ሰዓት ስጪኝ» አለች፤ አሁን አንቺ ነው የሚባባሉት። ከዩኒቨርሲቲ አብራት ለተማረችው ልጅ ደወለች፣ ጠየቀቻት፣ እሺ ስትላት ቁጥሯን ላከች። ልጅቷ ሰኞ ጀመረች። ዋሷ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያው የአክስት ባል ነው። ደብዳቤው ተመልሶለት ነበርና ሁለተኛ ለማጻፍ የከለከለው የለም።